በዝማሬው ውስጥ «እኔ» ያለው ማን ነው?

ገጣሚዋ የዝማሬ ግጥም ሲመጣላቸው መጀመሪያ ዜማውን አይጠይቁም፤ ቤት መምታቱንም አያዩም። እርሳስ ያነሡና «እኔ» ባለበት ሁሉ ያሰምራሉ። በግሱ ውስጥ ተሸሽጎ የተቀመጠውንም «እኔ» አይዘሉትም። ከዚያ በየመስመሩ ግራ ጠርዝ አንዲት ፊደል ይጽፋሉ። የሚናገረው ሰው ከሆነ «ሰ»፣ እግዚአብሔር ከሆነ «እ»። አንዳንዱ ወረቀት ከላይ እስከ ታች «ሰ» ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ሰ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ማንም ሳያስተውል «እ» ይሆናል፤ ጸሐፊውም ሲጠየቅ መቼ እንደተሻገረ አያውቅም።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለች አንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ በወጣትነታቸው ዘምረዋል፤ አሁን ለወጣት ዘማሪዎች ግጥም ይጽፋሉ፣ የጻፉትንም ያርማሉ። ብር አይቀበሉም። ግን «ይህን መስመር ማን ነው ያለው?» የሚለውን ጥያቄያቸውን ሳይመልስ ከሳሎናቸው የወጣ የለም።

ጥያቄው የሰዋስው ክርክር ይመስላል። ሆኖም ጉዳዩ ከሰዋስው ያልፋል። እግዚአብሔር ራሱ «ልጄ ሆይ፣ አትፍራ» እያለ የሚናገርባቸው ዝማሬዎች በአማርኛ ብዙ ናቸው፤ ሕዝቡም ይወዳቸዋል። ታክሲ ውስጥ የሚሰማቸው አለ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማቸው አለ፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት ወጥ እየሠራች የምትሰማቸው አለች። እነዚህ ሰዎች የሚሰሙትን ቃል የገጣሚ ቃል አድርገው አይይዙትም፤ የተነገራቸው ቃል አድርገው ነው የሚይዙት። ስለዚህ አንድ ሰው ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቤት ለማስመታት የጨመራት ቃል፣ ነገ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ የእግዚአብሔር ተስፋ ሆና ታድራለች። ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ያ ሰው የሚጣላው ከገጣሚው ጋር አይደለም። የገጣሚውን ስምም አያውቀው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ዘማሪ ነጠላ ዝማሬ ሊያወጣ ወደ እርሳቸው መጣ። ያሳደጉት አክስቱ በጠና ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ዝማሬውን የጻፈው አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ሲያድር ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

እኔ ነኝ ፈዋሽሽ፣ አትፍሪ ልጄ፣
አልጋሽን አነሣዋለሁ በእጄ።
ዛሬ ትወጫለሽ ከዚህ በሽታ፣
ቀጠሮ አልሰጥም እኔ ጌታ።

ግጥሙ መጥፎ አይደለም። «ቀጠሮ አልሰጥም» የሚለው በተለይ ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተተ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚገባው ነው፤ ገጣሚዋም ፈገግ ብለውበታል። ቀጥለው ግን አራቱንም መስመር «እ» ብለው ምልክት አደረጉና እያንዳንዱን ለብቻው ያዙት።

የመጀመሪያው መስመር ሲጀምር ስለ ማንነት ይናገራል። ፈዋሽ መሆኑን እግዚአብሔር በኦሪት ዘጸአት ራሱ ተናግሯል፤ ዘማሪው አልፈጠረበትም። «አትፍሪ» የሚለውም በመጽሐፍ ቅዱስ ተደጋግሞ የተባለ ነው። ሁለተኛው መስመር ሥዕል ነው፤ ያልፋል። ሦስተኛው ላይ እርሳሳቸው ቆመ። «ዛሬ»ን ከበቧት።

«ይቺን ዛሬ ማን ነገረህ?» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እምነት ነው፣ እትዬ» አለ።

ገጣሚዋ የሚለዩት ነገር እዚህ ላይ ነው። ማንነት አንድ ነገር ነው፣ ቀጠሮ ሌላ ነገር። እግዚአብሔር ማን እንደሆነ የሚናገር መስመር በእግዚአብሔር አፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ አስቀድሞ ለሁሉ የተነገረ ነውና። ቅርብ መሆኑ፣ ማወቁ፣ አለመርሳቱ እንዲህ ያለ ነው። ምን፣ ለማን፣ መቼ እንደሚያደርግ የሚናገር መስመር ግን ቀጠሮ ነው። ትድኛለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ቪዛው ይመታል፣ ባልሽ ይመለሳል፣ በዚህ ዓመት ቤት ትሠሪያለሽ። ቀጠሮ የሚሰጠው ባለጉዳዩ ነው። ገጣሚ በባለጉዳዩ ስም ቀጠሮ ከሰጠ፣ ባዶ ወረቀት ላይ አስፈርሞታል ማለት ነው። አስቂኙ ደግሞ፣ «ቀጠሮ አልሰጥም» የሚለው ይኸው አዝማች ከማንኛውም ዝማሬ የጠበቀ ቀጠሮ መስጠቱ ነው።

ቀጠሮው ከግጥሙ አልተሰረዘም። አፍ ነው የተቀየረለት። ተራርመው ሲጨርሱ ስንኙ በእግዚአብሔር ድምፅ ቀረ፦

እኔ ነኝ፣ ቅርብ ነኝ፣ ስምሽን አውቃለሁ፣
ሌሊቱ ሲረዝም አጠገብሽ አለሁ።

አዝማቹ ደግሞ ወደ አምላኪው ተዛወረ፦

አለሁ ብለሃል፣ እንግዲህ ና ጌታ፣
ዛሬ ይብቃ በለው ይህን በሽታ።

«ዛሬ» አልጠፋችም። በእግዚአብሔር አፍ ስትሆን ቀን የተቆረጠባት ውል ነበረች፤ በበሽተኛዋ አፍ ስትሆን ጩኸት ሆነች። ግሱም ከትንቢት ወደ ልመና ዞረ፤ «ትወጫለሽ» የነበረው «ይብቃ በለው» ሆነ። ጥድፊያው እንዳለ ነው። እንዲያውም አዝማቹ ከበፊቱ የበለጠ አንገት ያንቃል፤ የመጀመሪያው ነገሩ ያለቀ ያስመስለው ነበርና።

ልጁ ደስ አላለውም። «እምነቱን አበረዱብኝ እኮ» አለ። እርሱ ባደገበት ጉባኤ ማወጅ ትልቅ ቦታ አለው፤ «እባክህ» የሚል ጸሎት የደከመ ሰው ጸሎት ተደርጎ ይቆጠራል። ገጣሚዋ ማወጅን አልተቃወሙም። «ማወጅ ከፈለግህ አንተ አውጅ፤ በራስህ አፍ ‘ትድናለች ብዬ አምናለሁ’ በል። ሳይሆን ቢቀር የተሳሳትኸው አንተ ትሆናለህ። የሱን አፍ ተውሰህ ግን አታውጅ» አሉት። የተነገረውን ማመንና ያልተነገረውን ማናገር በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው የመስመሩ ባለቤት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቱ ድነው ወጡ። ዘማሪው ደስታው ሞልቶ መጣ። «አዩ እትዬ? የመጀመሪያው ይሻል ነበር!» እውነቱን ነው፤ ያ «ዛሬ» ትንሽ ቢዘገይም ለአክስቱ ተፈጽሟል። ገጣሚዋ እልል አሉለት፤ ቡናም ተፈላ። በመሃል፣ «ክፍሉ ውስጥ ስንት አልጋ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ስድስት። «ዜማውን እዚያው ትሞክር ነበር አይደል? ማን ሰማህ?» በመስኮቱ በኩል የተኛች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናትየው ማታ ማታ «እስቲ ያቺን ክፈትልን» ትለው ነበር። ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት አርፋለች። ዘማሪው ለቅሶ ደርሶ ነበር፤ ከዝማሬው ጋር ግን አላገናኘውም። «ፈዋሽሽ» የምትለዋ «ሽ» የአክስቱን ስም አልያዘችም። የመስኮቷም ልጅ «ሽ» ናት።

ዝማሬን ለአንድ ሰው ከሚነገር ትንቢት የሚለየው ይኸው ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» ቢል፣ ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ ተናጋሪው ይታወቃል፤ ተነጋሪውም ይታወቃል። ዝማሬ ግን አድራሻ የለውም። ተቀድቶ ይሄዳል፤ የሚከፍተው ሁሉ ተነጋሪ ይሆናል። ስለዚህ በእግዚአብሔር ድምፅ የተጻፈ መስመር መፈተን ያለበት ተፈጽሞለት በመሰከረው ሰው አይደለም። ባልተፈጸመለት ሰው ጆሮ ሲገባ እውነት ሆኖ ይቆያል ወይ ተብሎ ነው መፈተን ያለበት። «አጠገብሽ አለሁ» የሚለው ከመስኮቱ አልጋ አጠገብም እውነት ነው። «ዛሬ ትወጫለሽ» እዚያ ሲደርስ ውሸት ነው።

ይህን ጉዳይ አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ያጠብቀዋል። በአማርኛ ሰውን ስናናግር፣ «እርስዎ» ካላልን በቀር፣ ወንድ ነው ሴት፣ አንድ ነው ብዙ ሳንል ማለፍ አንችልም። እግዚአብሔር በዝማሬው ውስጥ አፉን በከፈተ ቁጥር ገጣሚው «ህ»፣ «ሽ» ወይም «ችሁ» መምረጥ ግድ ይሆንበታል። «አትፍራ» ካለ የጉባኤው ሴቶች ለወንዶች የተነገረውን እየተረጎሙ ይዘምራሉ። «አትፍሪ» ካለ ወንዶቹ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ነፍሳቸውን ሴት አድርገው ያስባሉ። «አትፍሩ» ካለ ሁሉም ገባ፤ ግን ያ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮ የሚነገር ይመስል የነበረው ቅርበት ማስታወቂያ ይሆናል። አንዳንዶች «ልጄ»ን መሸሸጊያ ያደርጓታል፤ ግሱ ሲመጣ ግን ጾታው ይወጣል።

«እኔ» ግን ጾታ የለውም። «ደክሞኛል»፣ «እፈልግሃለሁ»፣ «ና» የሚለውን ወንዱም ሴቷም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ፊደል ሳይቀይር ይለዋል። እግዚአብሔርንም ሁሉም በአንድ «አንተ» ይጠራዋል። እንግዲህ በአማርኛ የአምላኪው ድምፅ በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ የእግዚአብሔር ድምፅ ደግሞ በተናገረ ቁጥር አንዱን ያስገባና ሌላውን ደጅ ያስጠብቃል። ገጣሚዋ ጉባኤው ሁሉ የሚዘምረውን አዝማች በ«ሰ» እንዲሆን የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ ለመሆኑ ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ «እኔ አምላክህ ነኝ» ሲል ማንን ነው የሚያናግረው? ሁሉም አምላክ ሆኖ ይናገራል፣ የሚሰማ ግን የለም። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘምረው ግን ነገሩ ይስተካከላል፤ እሱ መልእክተኛ ይሆናል፣ ጉባኤው ይሰማል፣ ቀጥሎ ጉባኤው በአዝማቹ ይመልሳል። ስለዚህ «እ» የተጻፈበትን ስንኝ ለሶሎው፣ «ሰ»ውን ለኳየሩና ለሕዝቡ ይሰጣሉ። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎች በቤተ መቅደስ የነበረውም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ፤ በመዝሙረ ዳዊት የእግዚአብሔር ድምፅ ድንገት ሲገባ፣ አንድ ካህን ወይም ነቢይ ተነሥቶ ይለው ነበር ይላሉ። በቅዳሴም ቢሆን ካህኑ ኅብስቱን ይዞ የክርስቶስን «እኔ» የሚናገረው እንዲያው ብድግ ብሎ አይደለም፤ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ምን እንዳላቸው በሚተርክ ቃል ውስጥ አድርጎ ነው። ከሁሉ በከበረው ቦታ እንኳን «አላቸው» የምትል አጥር አለች።

ለወጣቶቹ ደጋግመው የሚያሳዩት በዕብራይስጥ አቆጣጠር 91ኛውን፣ በግእዙ 90ኛውን መዝሙር ነው። ሁሉም በቃሉ ይዞታል፣ ማን እንደሚናገር ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው መጠጊያዬ ብሎ ይመሰክራል። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ረጅሙን ክፍል ይይዝና ያን ሰው «አንተ» እያለ ያጽናናዋል። እግዚአብሔር ራሱ የሚናገረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ እነርሱም ውስጥ ሰውየውን «እርሱ» ይለዋል። የሚሰጠውም ተስፋ መከራ ጨርሶ አያገኘውም የሚል አይደለም፤ በመከራው ጊዜ ከእርሱ ጋር መሆንንም ይጨምራል። በፈተናው ታሪክ ሰይጣን ኢየሱስን ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር መሆኑን ደግሞ ማቴዎስም ሉቃስም ጽፈዋል። ጥቅሱን አላጣመመውም። ቀጠሮ አደረገው እንጂ፤ አሁን፣ ከዚህ ጫፍ፣ አንተ። የኢየሱስም መልስ አምላክህን አትፈታተነው የሚል ነበር።

«ብለሃል» የሚለውን ግን የተማሩት ከ89ኛው፣ በግእዙ ከ88ኛው ነው። በዚህ መዝሙር መሃል እግዚአብሔር ረጅም ንግግር ይናገራል፤ ለዳዊት የማለለትን፣ ዙፋኑን ለዘላለም እንደሚያጸና፣ ቃሉንም እንደማይለውጥ። ንግግሩ ግን የሚገባው በአምላኪው አፍ ነው፤ ያን ጊዜ በራእይ ተናግረህ ነበር ብሎ ይጀምራል። ንግግሩም እንዳለቀ ዘማሪው ዞር ይልና ይከሳል፤ አንተ ግን ጣልኸው፣ አክሊሉን መሬት አወረድኸው፣ እስከ መቼ ነው? ዘማሪው የእግዚአብሔርን ቃል አንድም ሳያስቀር ጠቅሷል። የራሱንም ቁስል አልሸፈነም። እነዚያው ተስፋዎች በቀጥታ በእግዚአብሔር ድምፅ ተዘምረው ቢያበቁ፣ ዙፋኑ ወድቆ ለሚያይ ሰው ዝማሬው የሚዘመር አይሆንም ነበር። «ብለሃል» ውስጥ ሲገቡ ግን ቤቱ የፈረሰበት ሰውም ይዘምራቸዋል።

«አለኝ» ሌላ ነው። «አይዞሽ አለኝ» የሚል ዝማሬ ምስክርነት ነው፤ ዘማሪዋ በራሷ ላይ የሆነውን ትናገራለች፣ ኃላፊነቱም የእርሷ ነው። ገጣሚዋ ይቀበሉታል፤ አዝማች ላይ ሲመጣ ግን ያወጡታል፤ ያልተባለ ሰው ሁሉ ተባልኩ እያለ እንዳይመሰክር።

እስካሁን የተባለው ገጣሚዋን «እ»ን ሁልጊዜ የሚሰርዙ ያስመስላቸዋል። እንዲያውም «ሰ» ብቻ የሆነን ግጥም «ይሄ አልቆመም» ብለው የመለሱበት ጊዜ አለ። ወደ ማረሚያ ቤት እየሄዱ የሚያገለግሉ ልጆች አንድ የንስሐ ዝማሬ አምጥተው ነበር። አራት ስንኝ፣ አራቱም ይቅር በለኝ። የሚያምር፣ እንባ ያለው። ገጣሚዋ አንብበው፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። አንድ ሰው በበደለው በደል ለዓመታት ታስሮ፣ በየሳምንቱ ይቅር በለኝ ብሎ ዘምሮ፣ መልሱን ሳይሰማ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ይቅርታ ደግሞ ሰው ለራሱ ሊሰጠው የማይችል ነገር ነው። ከውጭ መምጣት አለበት፤ አምላኪው «ይቅር ብለኸኛል መሰለኝ» ቢል ማንንም አያሳርፍም። ስለዚህ ሁለቱን ስንኝ አወጡና በምትኩ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ይህን አስገቡ፦

ተዘግቷል መዝገብህ፣ ከፍዬልሃለሁ፣
ስትመጣ ሳይህ ገና ወጥቼ ቆሜያለሁ።

ይህን በእግዚአብሔር አፍ ለማስቀመጥ ለምን ደፈሩ? ቀጠሮ የለበትም። ይግባኙ ይጸድቃል አላለም፣ በፋሲካ ትፈታለህ አላለም። ንስሐ ለገባ ሁሉ የተነገረውን፣ የጠፋውን ልጅ አባት ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን ነው ያለው። «ህ»ውም እዚህ ቦታውን አገኘ፤ የሚዘመርበት የወንዶች ማረሚያ ቤት ነውና። አንድ ነገር ግን ጠበቁ፤ ኑዛዜው ስንኝ ከፊቱ ይቀድማል። «ተዘግቷል» የሚለው ያልተናዘዘ ሰው ጆሮ ውስጥ መጀመሪያ ከገባ፣ የተበደለውን ሰው ሳያይ ያለፈ ይሆናል።

ሌላው «እ» የሚገባው፣ ግን ማንም የማያመጣላቸው፣ ተግሣጽ ነው። በመዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር ረዘም አድርጎ የሚናገርባቸውን ስናይ፣ በዕብራይስጡ 50ኛው፣ 81ኛውና 95ኛው፣ ብዙው ማጽናኛ አይደለም። በ50ኛው፣ በሬያችሁን አልራብኩም ይላል፤ ከሌባ ጋር እየሮጡ ሕጉን በአፋቸው የሚያነሡትን ይወቅሳል። 81ኛው ከግብፅ ያወጣሁት ሕዝብ አልሰማኝም የሚል ቅሬታ አለበት። 95ኛው በደስታና በእልልታ ይጀምርና፣ እግዚአብሔር መናገር ሲጀምር ልባችሁን አታደንድኑ ብሎ በቁጣ ያልቃል። የእኛዎቹ ዝማሬዎች እግዚአብሔር ግን አንድም ቀን አይቆጣም፤ ሁልጊዜ አይዞሽ ባይ ነው። ገጣሚዋ ይህን ሲያዩ የሚሉት አላቸው፦ «ዘማሪው መስማት የማይፈልገውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ካልተናገረ፣ የሚናገረው ዘማሪው ራሱ ነው።»

ይህ ነገር ከግል ሕመም ወጥቶ ወደ አገር ሲሄድ ከባድ ይሆናል። በአንድ የጦርነት ሰሞን፣ ለትልቅ አገር አቀፍ የጸሎት ፕሮግራም የሚሆን ዝማሬ እንዲያዩላቸው አስተባባሪዎች ላኩባቸው። አዝማቹ በእግዚአብሔር ድምፅ ለኢትዮጵያ የተነገረ ነው፦

አንቺ የኔ አገር፣ እንባሽን ጥረጊ፣
ጠላትሽ ወድቋል፣ እልልታ አድርጊ።

«እ»፣ «እ» ብለው ጻፉና ሁለተኛው መስመር ላይ ከበቡ። ጠላትሽ ማን ነው? አዳራሹ ውስጥ ወንድሙ በአንዱ ወገን፣ የአጎቱ ልጅ በሌላው ወገን የተሰለፈ ሰው ይቀመጣል። «አንቺ» የተባለችው ኢትዮጵያ፣ የወደቀውን «ጠላት» የወለደችውን እናትም ትጨምራለች። እንግዲህ እግዚአብሔር በዚያ አዝማች ያቺን እናት እልል በይ እያላት ነው። ይህን ያለ ማን ነው? አስተባባሪዎቹ፣ «ኢትዮጵያ በመጽሐፍ ቅዱስ ተስፋ አላት እኮ» አሏቸው።

ገጣሚዋ ሁለቱን ጥቅሶች አውጥተው አሳዩአቸው። እጆችዋን ስለምትዘረጋው ኢትዮጵያ የሚናገረው 68ኛው መዝሙር ቃሉን የሚለው በዘማሪው አፍ ነው፤ ኢትዮጵያም እዚያ የምታደርገው የአምላኪን ሥራ ነው፣ መዘርጋት። በእግዚአብሔር በራሱ አፍ ኢትዮጵያውያን ከተጠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ አሞጽ ምዕራፍ 9 ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ክብር ይጠቀሳል፤ የተነገረው ግን ለእስራኤል ነው፣ ትምክሕቷን ለመስበር። እናንተ ከኢትዮጵያውያን በምን ትለያላችሁ ብሎ ይጠይቅና፣ ፍልስጥኤማውያንንም ሶርያውያንንም ከነበሩበት ያወጣሁ እኔ ነኝ ይላል። በዚህ ቃል አንድ ሕዝብ ተለይቶ ይከበር ዘንድ አይቻልም፤ ቃሉ የመጣው ያንኑ ለማፍረስ ነው። የተዘረጉ እጆችን በተመለከተ በእግዚአብሔር «እኔ» የተነገረ ቃል የፈለገ ደግሞ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 አለለት፤ ደም ስላለባቸው እጆች ነው።

ከዚህ በኋላ «እ»ውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው፣ በ«እኛ» ጻፉት፦

የዘረጋነው እጅ ንጹሕ አይደለም፣
አጥበህ ተቀበለን፣ ሌላ እጅ የለንም።

አስተባባሪዎቹ በአክብሮት አመስግነው፣ «ለእንዲህ ያለ ቀን ትንሽ ከበደ፣ እትዬ» አሏቸው። በፕሮግራሙ ላይ የመጀመሪያው አዝማች በሌላ ኳየር ተዘመረ፤ አዳራሹም እልል አለ። የገጣሚዋን ሁለት መስመር አሁን የሚዘምሩት በእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ረቡዕ ረቡዕ ለጾም ጸሎት የሚሰበሰቡ ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ልጃቸው ከግንባር ያልተመለሰላቸው ሁለት እናቶች አሉ። የማን ወገን እንደነበሩ የጠየቀ የለም።